አዲሱ ሞኒተራችሁ ሳታውቁት 60 ሄርዝ ላይ ቀርቶ እንዳይሆን፦ እንዴት ቼክ ይደረጋል

ካርቶኑ ላይ 144 ወይ 165 ሄርዝ፣ ማለትም በሰከንድ ያን ያህል ጊዜ ምስል ያድሳል የሚል ሞኒተር ገዝታችሁ፣ ሰክታችሁ፣ ምስል ስለመጣ ብቻ መጠቀም ከጀመራችሁ እየሰራ ያለው በ60 የመሆን ዕድሉ በጣም ሰፊ ነው። የተበላሸ ነገር የለም። እያንዳንዱ ሞኒተር ውስጥ ትንሽ ሜሞሪ አለች፣ ኬብሉ እንደተሰካ ለኮምፒውተሩ «እኔ የምችለው ይሄ ይሄ ነው፣ የምመርጠው ግን ይሄኛውን ነው» ብላ ሊስት ትልካለች። ያ የሚመረጠው ብዙ ጊዜ 60 ሄርዝ ነው፣ ምክንያቱም የትም ማሽን ላይ ቢሰካ ምስል እንዲመጣ ተብሎ ነው። ዊንዶውስም የተባለውን ይቀበልና ዝም ይላል፣ «ከዚህ በላይ ትችላለህ እኮ» ብሎ የሚነግራችሁ የለም። ስለዚህ ራሳችሁ ገብታችሁ ነው የምታዩት።

አንድ ጓደኛዬ ያጋጠመውን ይዤ ነው የማስረዳው ምክንያቱም የእሱ ላይ የሴቲንጉም የኬብሉም ችግር አንድ ላይ ነበር። ሞኒተሩ 27 ኢንች ነው፣ ሪዞሉሽኑ 2560 በ1440፣ ካርቶኑ ላይ 165 ሄርዝ ተብሎ በትልቁ ተጽፏል። ኋላው ላይ ሁለት ኤችዲኤምአይ 2.0 እና አንድ ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 አለው። ካርቶን ውስጥ የመጣው ኬብል ኤችዲኤምአይ ስለነበር በሱ ሰካው።

መጀመሪያ የምታዩት ዊንዶውስ ውስጥ ነው

ዴስክቶፑ ላይ ባዶ ቦታ ራይት ክሊክ አድርጉና Display settings ግቡ፣ ወደ ታች ውረዱና Advanced display የሚለውን ንኩት። ከአንድ በላይ ስክሪን ካላችሁ (ላፕቶፕ ላይ የሰካችሁም ጭምር) ከላይ ያለችው መምረጫ ላይ አዲሱን ሞኒተር ምረጡ፣ ይቺን ብዙ ሰው ያልፋታል፣ ከዛ የላፕቶፑን የራሱን ስክሪን ቁጥር እያየ ስለ ሞኒተሩ ያወራል። እያንዳንዱ ስክሪን የየራሱ ቁጥር ነው ያለው።

እዛ ገጽ ላይ Active signal mode የሚል መስመር አለ፣ አጠገቡ ሪዞሉሽኑና ሄርዙ ይታያል። ከሱ በላይ Desktop mode የሚል ሌላ መስመር አለ፣ እሱ ዊንዶውስ ዴስክቶፑን የሚስልበት ነው። በኬብሉ እውነት እየሄደ ያለው ግን Active signal mode ላይ ያለው ስለሆነ ሁለቱ ከተለያዩ እሱን እመኑ። የጓደኛዬ ላይ «2560 × 1440, 59.95 Hz» ይል ነበር። ነጥቧ አታስደንግጣችሁ፣ 59.94 ሆነ 59.95 ያው 60 ነው፣ 143.97 ሲል 144 ነው፣ 164.9 ምናምን ሲል ደግሞ 165 ነው፣ ሞልቶ ካልመጣ ብላችሁ አትጨነቁ።

እዛው ታች Choose a refresh rate አለ። ክፈቱትና ያለውን ትልቁን ቁጥር ምረጡ። ስክሪኑ አንድ ሁለት ሰከንድ ይጠቁርና ይመለሳል፣ ከዛ Keep changes ይላችኋል፣ በ15 ሰከንድ ውስጥ ካልነካችሁት ወደ ድሮው ይመልሰዋል። አንዳንዱ ሰው ቀይሮ፣ ሻይ ሊያመጣ ተነስቶ፣ ሲመለስ «አልያዘልኝም» የሚለው በዚህ ነው። ጠቁሮ ከቀረ ደግሞ ምንም አትንኩ፣ ራሱ ይመለሳል።

ዊንዶውስ 10 ላይ መንገዱ ተመሳሳይ ነው፣ አንዳንድ ስሞች ብቻ ይለያሉ፣ ለምሳሌ Advanced display settings ይላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይጨርሳል፣ ትልቁ ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር እኩል ከሆነ በቃ ወደ ማረጋገጫው እለፉ። ጓደኛዬ ግን ሊስቱን ሲከፍት ትልቁ 144 ነበር። መረጠውና «በቃ ሆነ፣ 144 ብሎኛል» አለኝ። «ካርቶኑ 165 ነው እኮ የሚለው» ስለው «ያው ነው ባክህ፣ ለማስታወቂያ ነው» አለ። ለማስታወቂያ አይደለም።

ሊስቱ ውስጥ የሌለ ቁጥር

ይሄን ያዙ፦ ዊንዶውስ የሚያሳያችሁ ሊስት ሞኒተሩ የሚችለውን ብቻ አይደለም፣ በዛ ፖርት፣ በዛ መንገድ ማለፍ የሚችለውን ነው። ስለዚህ የምትፈልጉት ቁጥር ሊስቱ ውስጥ ከሌለ ሴቲንግ ውስጥ መቆፈር ጊዜ ማባከን ነው፣ ችግሩ አብዛኛውን ጊዜ ከሞኒተሩ እስከ ግራፊክስ ካርዱ ባለው መንገድ ላይ ነው።

የጓደኛዬን እናስላው። 2560 በ1440 ማለት 3.7 ሚሊዮን አካባቢ ፒክስል ነው። በሰከንድ 165 ጊዜ ሲላክ 608 ሚሊዮን ይሆናል፣ እያንዳንዱ ፒክስል ደግሞ 24 ቢት ነው፣ ስለዚህ በሰከንድ 14.6 ጊጋቢት ማለት ነው። ኤችዲኤምአይ 2.0 ደግሞ ለምስል የሚተርፈው 14.4 ጊጋቢት ብቻ ነው። አያልፍም፣ በጥቂት ነገር ነው ግን አያልፍም። በ144 ስታሰሉት 12.7 ይመጣል፣ በምስሎቹ መሃል የሚላከው ትርፍ ነገር ቢጨመርበትም ይገባል፣ ለዛ ነው ሊስቱ 144 ላይ የቆመው። ዲስፕሌይ ፖርት 1.2 ግን 17.28 ጊጋቢት ስለሚያሳልፍ 165ን ይችለዋል። ሞኒተሩ ኋላ ላይ ሁለቱም ፖርት ጎን ለጎን አሉ፣ ማኑዋሉ ላይም በትንሽ ጽሁፍ ኤችዲኤምአይ እስከ 144፣ ዲስፕሌይ ፖርት እስከ 165 ይላል፣ ማን ያነባል እንጂ።

የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ገዝቶ ሰካ፣ ያው ገጽ ላይ ሲገባ ሊስቱ ላይ 165 መጣ።

ድሮ የተሰራ ላፕቶፕ ከሆነ ያላችሁ ነገሩ ይብሳል። ብዙዎቹ ኤችዲኤምአይ 1.4 ናቸው፣ እሱ ለምስል የሚተርፈው 8.2 ጊጋቢት አካባቢ ነው፣ ለ1920 በ1080 ስክሪን 120 ይበቃዋል፣ አንዳንዴ 144ም ይወጣል፣ 2560 በ1440 ላይ ግን 75 አካባቢ ላይ ያልቃል። እዛ ላይ ጥሩ ኬብል መግዛት ምንም አይቀይርም፣ ፖርቱ ነው የሚወስነው። ላፕቶፑ ዩኤስቢ ሲ ካለውና ምስል የሚያወጣ ዓይነት ከሆነ (ሁሉም አይደለም፣ የሞዴሉን ስፔክ እዩ) ከዩኤስቢ ሲ ወደ ዲስፕሌይ ፖርት የሚሄድ ኬብል ገዝታችሁ ማለፍ ትችላላችሁ።

መንገዱ ላይ የምታዩት እንግዲህ በዚህ ቅደም ተከተል ነው፣ ከቀላሉ ወደ ከባዱ።

ዴስክቶፕ ከሆነ ኬብሉ የተሰካው የት ነው? ኬዙ ኋላ ላይ ከላይ በኩል ኪቦርድና ማውስ ከሚሰካበት አጠገብ ቆሞ ያለው ፖርት የማዘርቦርዱ ነው፣ የግራፊክስ ካርዱ ፖርቶች ደግሞ ዝቅ ብለው በአግድም የተደረደሩት ናቸው። ማዘርቦርዱ ላይ ሰክቶ ካርዱን ጭራሽ ሳይጠቀም የሚኖር ሰው አለ፣ ከምታስቡት በላይ ነው። አዲስ ካርድ ከሆነ ደግሞ ፖርቶቹ ላይ ጥቁር ፕላስቲክ ክዳን ሊኖር ይችላል፣ «የተደፈነ ነው» ብላችሁ አትለፉት፣ በጥፍር ይወጣል። የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ስትነቅሉ ደግሞ ራሱ ላይ ያለችውን ቁልፍ ሳትጫኑ አትጎትቱ፣ ሁለት ትንንሽ ጥርስ አላት፣ በጉልበት ከተነቀለ ፖርቱን ይዞ ይመጣል።

አስማሚ መሃል አለ? ርካሹ ከዲስፕሌይ ፖርት ወደ ኤችዲኤምአይ የሚቀይረው ነገር ምስል ያመጣል ግን ብዙዎቹ ፍጥነቱን ይይዙታል፣ አንዳንዱ 1080 ላይ ከ60 አያልፍም። እና ሌላ ነገር፣ ያ ኬብል አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው የሚሰራው፣ ኮምፒውተሩ በኩል ዲስፕሌይ ፖርት ሞኒተሩ በኩል ኤችዲኤምአይ ሲሆን። ገልብጣችሁ ከላፕቶፕ ኤችዲኤምአይ ወደ ሞኒተሩ ዲስፕሌይ ፖርት ብትሰኩት ምስልም አይመጣም፣ ኬብሉ ተበላሽቶ አይደለም። ከተቻለ አስማሚ የሚባል ነገር አይኑር፣ ሁለቱም ጫፍ አንድ ዓይነት የሆነ ኬብል ይሻላል። በቪጂኤ የሚሰካ ካለማ ስለሱ ባናወራ ይሻላል።

የሞኒተሩ የራሱ ሜኑ ደግሞ አለ። አንዳንዱ ሞኒተር ዲስፕሌይ ፖርቱን ወደ ድሮ ቨርዥን ዝቅ የሚያደርግ ምርጫ አለው፣ DisplayPort 1.1 ላይ ከሆነ ወደ 1.2 ወይ 1.4 ቀይሩት። አንዳንዱ ላይ ደግሞ የመጨረሻዎቹ ጥቂት ሄርዞች Overclock የሚል ነገር ካልበራ አይመጡም፣ ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር እሱ ሲበራ ያለው ነው።

ሪዞሉሽኑም ይታይ፣ ሞኒተሩ የራሱ በሆነው ሪዞሉሽን ላይ መሆን አለበት። ኤንቪዲያ ካርድ ያላችሁ NVIDIA Control Panel ገብታችሁ Change resolution ላይ ሪዞሉሽኖቹ በሁለት ክፍል ተከፍለው ልታዩ ትችላላችሁ፣ ከላይ Ultra HD, HD, SD ይላል ታች PC ይላል። 1920 × 1080 ሁለቱም ጋ ሊኖር ይችላል፣ የላይኛው የቴሌቪዥን ዓይነት ስለሆነ ብዙ ጊዜ 60 ላይ ይቆማል፣ ወደ ታች ውረዱና PC ስር ያለውን ምረጡ፣ ያኔ ነው 144 የሚመጣው።

ይሄ ሁሉ ሆኖ ከ60 በላይ ምንም የሌለ ከሆነ ድራይቨሩን እዩ። Device Manager ከፍታችሁ Display adapters ስር የካርዳችሁ ስም ሳይሆን Microsoft Basic Display Adapter የሚል ካያችሁ የካርዱ ድራይቨር አልተጫነም ማለት ነው፣ ዊንዶውስ አዲስ ከተጫነ በኋላ በተለይ ኢንተርኔት ሳይኖር ከተጫነ ይሄ ያጋጥማል። ከካርዱ አምራች ሳይት አውርዳችሁ ጫኑና ከመጀመሪያው ጀምሩ።

እውነት መሆኑን ማረጋገጥ

ዊንዶውስ 165 አለ ማለት እኔ የምልከው 165 ነው አለ ማለት ነው። የተቀበለውን ደግሞ ሞኒተሩን ጠይቁት። ከስር ወይ ከኋላ ያለውን ቁልፍ ተጭናችሁ ሜኑው ውስጥ Information የሚል ፈልጉ፣ እዛ ላይ 2560x1440 165Hz የሚል ነገር ካለ ጨርሳችኋል። ጥንቃቄ የሚፈልገው የሞኒተሩን ሄርዝ ከጌሙ ፍጥነት ጋር የሚያስተካክለው ፍሪሲንክ ወይ ጂሲንክ በርቶ ከሆነ ነው፣ ያኔ ጌም ላይ ቁጥሩ ከፍ ዝቅ ሲል ታዩታላችሁ፣ 97 ይላል 131 ይላል፣ እሱ ጤነኛ ነው ሥራው ነው። ሄርዙን ለማየት ዴስክቶፕ ላይ ሆናችሁ እዩ።

በዓይን ለማየት ደግሞ ማውሱን ጥቁር ባክግራውንድ ላይ ቶሎ ቶሎ በክብ አዙሩት። 60 ላይ ቀስቷ ተራርቃ ተራርቃ ነው የምትታየው፣ በመሃል ብዙ ክፍተት አለ፣ 144 እና ከዛ በላይ ላይ ተጠጋግታ ትታያለች። ልዩነቱን ማወቅ ከፈለጋችሁ ሴቲንግ ላይ 60 አድርጋችሁ አንዴ ሞክሩ፣ ከዛ መልሱት፣ ወዲያው ነው የሚታወቃችሁ። ከ144 ወደ 165 ያለውን ግን በዓይን እለያለሁ የሚል ሰው አላምንም።

ብራውዘር ላይ testufo.com ብትገቡ ገጹ ራሱ ሄርዙን ይለካል። ሲለካ ሌላ ታብ ላይ ቪዲዮ አይሂድ፣ መስኮቱም የምትለኩት ሞኒተር ላይ ይሁን። ላፕቶፑ ቻርጀር ላይ ካልሆነ ክሮም ባትሪ ለመቆጠብ ብሎ 30 ላይ ሊይዘው ስለሚችል ቻርጀር ሰክታችሁ ሞክሩ፣ አለዚያ ደህናውን ሞኒተር ታማላችሁ።

አሁን ትንሽ ተጠራጣሪ ለሆናችሁ። ሞኒተሩ 165 እየተቀበለ ግን የተወሰኑትን ፍሬሞች እየጣለ ሊሆን ይችላል፣ በተለይ በግድ ከፍ የተደረገ ወይም ስም የሌለው ርካሽ ሞኒተር ላይ። ይሄን ሜኑው አይነግራችሁም። testufo.com/frameskipping ክፈቱ፣ ትንንሽ ሳጥኖች በተራ ብልጭ እያሉ ይሄዳሉ። ስልካችሁን ካሜራ ፕሮ ሞድ ላይ አድርጉና ሸተሩን 1/10 ሰከንድ ላይ አድርጋችሁ ሳይነቃነቅ ፎቶ አንሱ፣ ብርጭቆም ሆነ መጽሐፍ አስደግፉት። በ165 ከሆነ ፎቶው ላይ 16 አካባቢ ሳጥን በርቶ ይታያል፣ ሁሉም ተያይዘው ካሉ ንጹህ ነው። በመሃል ጨለማ ሳጥን ካለ፣ አንዱ በርቶ አንዱ ጠፍቶ ከሆነ፣ ያ ሞኒተር ፍሬም እየዘለለ ነው። ሁለት ሦስት ፎቶ አንሱ፣ አንዴ ኮምፒውተሩ ራሱ ተንተባትቦ ሊሆን ስለሚችል በአንዱ አትፍረዱ። ሁልጊዜ ከዘለለ ሄርዙን አንድ ደረጃ ዝቅ አድርጋችሁ ድገሙት፣ በ144 ካልዘለለ እዛ ላይ ተውት፣ ዋስትና ካለው ደግሞ ፎቶውን ይዛችሁ ሂዱ።

ሁሉም ትክክል ሆኖ ጌሙ ግን ያው ከሆነ

እዚህ ላይ ኤፍፒኤስና ሄርዝ አትቀላቅሉ። ኤፍፒኤስ ካርዱ በሰከንድ የሚሰራው ምስል ነው፣ ሄርዝ ሞኒተሩ የሚያሳየው ነው። ጌሙ ጥግ ላይ 200 ኤፍፒኤስ እያለ ሞኒተሩ 60 ላይ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል፣ ስለዚህ የኤፍፒኤስ ቁጥር ማስረጃ አይሆንም። ሌላው ደግሞ ጌሞች ፉልስክሪን ሲሆኑ የራሳቸውን ሄርዝ ይይዛሉ፣ ቪዲዮ ሴቲንጋቸው ውስጥ Refresh Rate የሚል ካለ 60 ላይ እንዳይሆን። ጓደኛዬ ጋር መጨረሻ ላይ የቀረችው ይቺ ነበረች፣ ዴስክቶፑ 165 ሆኖ ጌሙ ሲከፈት የሞኒተሩ ሜኑ 60 ይላል።

ሁለት ስክሪን ሰክታችሁ Duplicate ላይ ከሆናችሁም ሁለቱም የሚችሉት ላይ ነው የሚሄደው፣ የድሮው 60 ከሆነ አዲሱም 60 ነው፣ Extend አድርጉት። የካርድ ድራይቨር ስታዘምኑ ወይ ኬብል ስትቀይሩ ደግሞ ወደ 60 ሊመለስ ስለሚችል ያኔ አንዴ ገብታችሁ እዩ።

ሊኑክስ ላይ ያላችሁ፣ ኤክስ ኢለቨን ከሆነ ተርሚናል ላይ ይሄን ጻፉ፣ ኮከብ ምልክት ያለበት ቁጥር አሁን እየሰራ ያለው ነው፦

```
xrandr
xrandr --output DP-1 --mode 2560x1440 --rate 165
```

DP-1 የሚለውን በራሳችሁ ስም ቀይሩ፣ የመጀመሪያው ትዕዛዝ ይነግራችኋል፣ ሄርዙም ሊስቱ ላይ እንዳለው ይሁን። ዌይላንድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ Displays ላይ ቀይሩት።

ገና ልትገዙ ከሆነ ደግሞ ሱቅ ውስጥ ሻጩ በራሱ ላፕቶፕ በኤችዲኤምአይ ሰክቶ ያሳያችኋል፣ Advanced display ከፍታችሁ 60 ወይ 75 ብቻ ብታዩ «ውሸታም ነህ» ብላችሁ ሰው አትሳደቡ፣ ላፕቶፑ ነው ያላቀረበው ይሆናል። የዲስፕሌይ ፖርት ኬብል ይዛችሁ ሂዱና ግራፊክስ ካርድ ያለው ማሽን ካላቸው በሱ ሰክተው ያሳዩአችሁ። ከሌላቸው ኋላው ላይ ካለው ተለጣፊ የሞዴል ቁጥሩን ፎቶ አንሱና አምራቹ ሳይት ላይ በየትኛው ፖርት ስንት ሄርዝ እንደሚል አይታችሁ ክፈሉ፣ ካርቶኑና ውስጡ ያለው ሞኒተር የሞዴል ቁጥራቸው አንድ መሆኑንም እዛው እያላችሁ እዩ።